«የሮማውያን ልማድ» ወይስ «የሮም ሥርዓት»? ላቲን ሳያውቁ ሩፊኖስን ስለ መጥቀስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክርስትና ወደ አክሱም ስለ ገባበት ታሪክ በሚደረግ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ማስረጃ አለ። «ፍሬምናጦስ ገና ጳጳስ ሳይሆን ያቋቋማቸው የጸሎት ስፍራዎች የሮምን ሥርዓት የሚከተሉ ነበሩ፤ ይህን የጻፈውም ለዘመኑ ቅርብ የነበረው ሩፊኖስ ነው፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መነሻዋ የሮም ካቶሊክ ናት» የሚል ነው። ተከራካሪው መጽሐፉን በስሙ ጠርቶ፣ ምዕራፉን ቆጥሮ ይናገራል። የእኛ ወጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ይመልሳል፦ ወይ «ሩፊኖስ የማነው?» ብሎ ጸሐፊውን ይንቃል፣ ወይ «ትርጕሙ ተሳስቷል» ይላል። ያን ጊዜ «ላቲን ታነባለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ አፉ ይዘጋል።

ሩፊኖስን መናቅ አይገባም። እርሱ ባይጽፍ ኖሮ የፍሬምናጦስንና የኤዴስዮስን ታሪክ ከሞላ ጎደል ከዐይን ምስክር አንደበት ባላገኘነው ነበር። ትርጕሙን መክሰስም አያስፈልግም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ላቲን አያነብም፤ ሩፊኖስን የሚያውቀው እንደ አብዛኞቻችን በእንግሊዝኛ ትርጕሞችና ከእነዚያ ወደ አማርኛ በተመለሱ ጽሑፎች ነው። ያም ሆኖ ለዚህ ክርክር የሚበቃ መልስ ማግኘት ይቻላል። ከትርጕም ብቻ የሚያነብ ሰው መጽሐፉ ስለሚተርከው ድርጊት፣ ማን ምን እንዳደረገና ከምን በኋላ ምን እንደ ሆነ፣ ያለ ብዙ ሥጋት መናገር ይችላል። ነገሩ የቆመው በድርጊቱ ላይ ሳይሆን በአንዲት ቃል ላይ ሲሆን ግን ያቺን ቃል ከትርጕሙ ውጭ መመርመር ግድ ይሆንበታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩፊኖስ የጣልያን የአኵሊያ ሰው ነው። በግብፅ ተምሯል፤ በኢየሩሳሌምም በደብረ ዘይት ለብዙ ዓመታት ኖሯል። ወደ ምዕራብ ከተመለሰ በኋላ፣ 400 ዓ.ም. ጥቂት እንዳለፈ፣ የአውሳብዮስን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከግሪክ ወደ ላቲን ተርጕሞ የራሱን ሁለት መጻሕፍት ጨመረበት። የፍሬምናጦስ ታሪክ ያለው ከጨመራቸው በመጀመሪያው ነው። አንዳንድ ኅትመቶች ይህን መጽሐፍ ከአውሳብዮስ ጋር አያይዘው አሥረኛ ይሉታል፤ የቆዩት ደግሞ ለብቻው ቆጥረው አንደኛ ይሉታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ቍጥሮች ጠቅሰው ቢከራከሩ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ብላቴኖች ዘመዶቹን እያስተማረ ይዞ ሩቅ ሀገር ለማየት ተጓዘ። ሲመለሱ መርከባቸው ውኃ ለመቅዳት ወደብ ላይ ቆመች። የዚያ ስፍራ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበረው የሰላም ውል መፍረሱን ሰምተው ስለ ነበር በመርከቧ ያሉትን ገደሉ። ብላቴኖቹ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና ለንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ለፍሬምናጦስ የንጉሡ ሒሳብና ሰነድ ተሰጠው። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲያግዟት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ በዚህ ጊዜ ከሮማውያን ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖችን ፈልጎ ለጸሎት የሚሰበሰቡባቸው ስፍራዎች እንዲኖሯቸው አደረገ። ልዑሉ ካደገ በኋላ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለዚያች ሀገር ጳጳስ እንዲላክላት ቅዱስ አትናቴዎስን ጠየቀ፤ ቅዱስ አትናቴዎስም እርሱን ራሱን ሾሞ ላከው። ሩፊኖስ ይህን ሁሉ የሰማው በኋላ በጢሮስ ቄስ ከሆነው ከኤዴስዮስ ከራሱ አንደበት መሆኑን ይናገራል።

እስከዚህ ያለውን ማንኛውም ደኅና ትርጕም ይነግረናል፤ የላቲን ዕውቀት የሚጨምርበት ነገር ጥቂት ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው አስቸጋሪ ቃል የሀገሪቱ ስም ነው። ሩፊኖስ በዚህ ታሪክ ውስጥ «ኢትዮጵያ» አይልም፤ «አክሱም»ም አይልም፤ የሚለው «ህንድ» ነው። ይባስ ብሎ በታሪኩ መግቢያ ላይ ሐዋርያት ዕጣ ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ ለማቴዎስ እንደ ደረሰችና ይህች «ሩቅ ህንድ» ደግሞ ከእርሷ የተለየች እንደ ሆነች አድርጎ ይጽፋል። አንዳንድ የአማርኛ ጽሑፎች ቃሉን ዝም ብለው «ኢትዮጵያ» እያሉ ስለሚመልሱት አንባቢው ችግሩ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ተርጓሚው ለአንባቢው አስቦ ያደረገው ነው፤ ነገር ግን ጠቋሚውን ምልክት አጥፍቶብናል። እንግዲህ አንድ ተማሪ «ሩፊኖስ ፍሬምናጦስ የኢትዮጵያ ጳጳስ ሆኖ እንደ ተላከ ጽፏል» ብሎ ቢጽፍ፣ የሩፊኖስን መጽሐፍ የገለጠ ሰው በቀላሉ ያሳፍረዋል።

ታዲያ የሩፊኖስ ህንድ አክሱም መሆኗን በምን እናውቃለን? ከሌላ ሰነድ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱ ለንጉሠ ነገሥቱ ለቆንስጣንጢዮስ በግሪክ ባቀረበው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለአክሱም ገዦች ለኢዛናና ለሳይዛና የላከውን ደብዳቤ አስገብቶታል። ደብዳቤው ፍሬምናጦስን በስሙ ይጠራዋል፤ ጳጳስ መሆኑንና በአትናቴዎስ መሾሙንም ያነሣል። ሰውዬው አንድ፣ ሿሚውም አንድ ስለ ሆነ የሩፊኖስ «ህንድ» የቱ እንደ ሆነ ይታወቃል። ስለዚህ የሚያስተማምነው አነጋገር «ሩፊኖስ ሀገሪቱን ህንድ ይላታል፤ አክሱም መሆኗን የምናውቀው ከአትናቴዎስ ነው» የሚለው ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ላቲንም ግሪክም በማያውቅ ሰው ሊጻፍ ይችላል። የቆመው በቃል ፍቺ ላይ ሳይሆን በሁለት ሰነዶች መገጣጠም ላይ ነውና ተርጓሚ ቢለዋወጥም አይናወጥም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ። ፍሬምናጦስ ነጋዴዎቹን እንዴት ባለ አኳኋን እንዲሰበሰቡ እንዳደረገ ሩፊኖስ የሚገልጸው «ሮማኖ ሪቱ» በሚሉ ሁለት ቃላት ነው። ሁለተኛውን ቃል ያየ የዘመናችን ሰው ወዲያው የእንግሊዝኛውን «ራይት» ያስባል፤ ከዚያም «የሮማ ሥርዓተ ቅዳሴ» ይላል። አንዱ ትርጕም «በሮማውያን ልማድ»፣ ሌላው «በሮማ ሥርዓት» የሚል ቢሆን፣ ላቲን ለማያውቅ ሰው ይህ ልዩነት ራሱ ትልቅ ዕርዳታ ነው፤ ተርጓሚዎች የተለያዩበት ቦታ ቃሉ አንድ ወጥ ፍቺ የሌለው መሆኑን ይጠቁማል። በአንጻሩ ትርጕሞች ሁሉ ተስማምተው ቢገኙ መስማማታቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የኋለኛው ከፊተኛው ቀድቶ ሊሆን ይችላልና።

ብዙ ሰው ከዚህ ቀጥሎ የሚሮጠው ወደ መዝገበ ቃላት ነው። የላቲን መዝገበ ቃላት «ሪቱስ» ለሚለው ቃል የሃይማኖት ሥርዓት የሚል ፍቺ ይሰጣል፤ ልማድ፣ ወግ የሚልም ይሰጣል። «ሪቱ» በሚለው መልኩ ደግሞ «እንደ...»፣ «በ... አኳኋን» ለማለት ብቻ እንደሚያገለግልና ስለ ከብት ጠባይ እንኳ ሲናገሩ እንደሚጠቀሙበት ያሳያል። መዝገበ ቃላቱ የሚነግረን ቃሉ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ የትኛው እንደ ሆነ አይነግረንም። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ ሲፈቱ ሁሉንም በግልጽ ያስቀምጣሉ። ከዝርዝሩ ለክርክሩ የሚመቸውን አንዱን መርጦ «ቃሉ በላቲን እንዲህ ማለት ነው» የሚል ሰው ግን የቀሩትን «አንድም» ደብቋል። ይህን ካቶሊካዊው ቢያደርገው ስሕተት ነው፤ እኛም «ልማድ ማለት ነው» ብለን ሌላውን ብንደብቅ ያው ነን።

ለውሳኔው የሚረዳው ሌላኛው ቃል «ሮማኖ» ነው፤ ይህን ደግሞ በትርጕም ውስጥም መከታተል ይቻላል። ተርጓሚ ግሱን ይለዋውጣል፣ ዐረፍተ ነገሩን ይቈራርጣል፤ የሀገርና የሕዝብ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ያስቀምጣል። ከላይ የተረክነውን ታሪክ መልሰን እንይ። «ሮማውያን» የሚለው ስም ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቷል። በመጀመሪያ ከአካባቢው ሕዝቦች ጋር የሰላም ውል የነበራቸውና ውሉ ሲፈርስ የሚገደሉት ሮማውያን ናቸው። በዚህ ምክንያት የተገደለው ማነው? የጢሮሱ ሜሮጵዮስ ነው። ጢሮስ በፊንቄ ያለች ከተማ ናት፤ ከሮም ከተማም ሆነ ከሮም ጳጳስ ጋር የሚያገናኛት ነገር በታሪኩ ውስጥ የለም። ሁለተኛ የሮማውያን ነጋዴዎች አሉ፤ ፍሬምናጦስ «ከመካከላቸው ክርስቲያኖች አሉ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሮማዊ መሆን አንድን የሃይማኖት ወገን የሚያመለክት ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ትርጕም ባልኖረው። እንግዲህ በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ «ሮማዊ» የሚባለው የሮማ ግዛት ሰው ነው፤ ፍሬምናጦስ ራሱ፣ የጢሮሱ ልጅ፣ በዚህ አባባል ሮማዊ ነው። ሦስተኛው «ሮማኖ» ከእነዚያ ነጋዴዎች ጋር በአንድ ዐውድ የመጣ ስለ ሆነ ሌላ ፍቺ ይሰጠው የሚል ሰው ምክንያቱን ማቅረብ አለበት።

የላቲኑ ንባብ በቴዎዶር ሞምዘን ተዘጋጅቶ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታትሟል። ላቲን የማያነብ ሰውም ፊደሉን እስካወቀ ድረስ ገጹን ከፍቶ «ፍሩሜንቲዩስ» የሚለውን ስም እንደ ምልክት ይዞ በዙሪያው «ሮማኒስ»፣ «ሮማኖስ»፣ «ሮማኖ» የሚሉትን በጣቱ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ማንበብ አይባልም። ግን ተርጓሚው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ያስቀመጠው ስም በዋናው ላይም በዚያው ቦታ መኖሩን ለማረጋገጥ ይበቃል። ለእኛ ደግሞ ይህ የስም አጠቃቀም እንግዳ አይደለም፤ በክብረ ነገሥት «ንጉሠ ሮም» የተባለው ዮስጢኖስ መንበሩ በቍስጥንጥንያ የነበረ ንጉሥ ነው።

ሌላም ምስክር አለ። ሩፊኖስ ከጻፈ በኋላ ግማሽ መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሦስት የግሪክ ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ሶቅራጥስ፣ ሶዞሜኖስና ቴዎዶሬጦስ፣ ይህንኑ ታሪክ ጻፉ። (ቴዎዶሬጦስ በትምህርቱ በእኛ ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ እዚህ የምንጠይቀው ግን ቃሉን እንዴት እንደ ተጠቀመበት ብቻ ነው።) ሶቅራጥስ ከሩፊኖስ መውሰዱን በግልጽ ይናገራል፤ ይህን ቦታ ሲያስቀምጥም የክርስቲያን ጸሎት የሚደረግባቸው ስፍራዎች ይላል እንጂ «ሮማ» የሚል ቃል አላስፈለገውም። ሶዞሜኖስና ቴዎዶሬጦስ ግን «በሮማውያን ልማድ» የሚለውን ጠብቀውታል። እነዚህ ሰዎች በቍስጥንጥንያና በሶርያ የሚኖሩ፣ በግሪክ የሚጽፉ፣ ራሳቸውን ሮማውያን ብለው የሚጠሩ ናቸው። «የሮማውያን ልማድ» ሲሉ የራሳቸውን ልማድ ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ብዙ ጊዜ «ይህን አራት ጸሐፊዎች መስክረውታል» ይባላል። ስለ ድርጊቱ አራት ምስክሮች የሉንም፤ የታሪኩ ምንጭ ኤዴስዮስ ነው፣ የጻፈው ሩፊኖስ ነው፣ የቀሩት ተከታዮች ናቸው። ሦስቱ ምስክር የሚሆኑልን ለሌላ ጉዳይ ነው፦ በአምስተኛው መቶ ዓመት ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው እንዴት እንደ ተረዳው ያሳዩናል። ላቲን ለማያውቅ አንባቢ ግን ይህ እጅግ ትልቅ ነገር ነው፤ ለቃሉ ከእኛ በ1500 ዓመት የቀረቡ አንባብያን ናቸውና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ማለት እንችላለን? «ሩፊኖስ እንደሚተርከው ፍሬምናጦስ በዚያ የሚነግዱ የሮማ ግዛት ክርስቲያኖች በሀገራቸው ልማድ ለጸሎት የሚሰበሰቡባቸው ስፍራዎች እንዲኖሯቸው አደረገ» ማለት እንችላለን። «የሮም ካቶሊክ ሥርዓት ነበር» የሚለውን ቃሉ አይሸከምም። ነገር ግን ከእኛ ወገን አንዳንዱ በደስታ አንድ እርምጃ ጨምሮ «እንግዲያው የእስክንድርያ ሥርዓተ ቅዳሴ ነበር ማለት ነው» ሲል ይሰማል። ይህንም ቃሉ አይሸከምም። በምን ቋንቋ እንደ ጸለዩ፣ ማን እንደ መራቸው፣ ቅዳሴ ይሁን ጸሎት ብቻ፣ ሩፊኖስ አልጻፈም። ኤዴስዮስ የነገረውም በግሪክ ይመስላል፤ እንዲህ ከሆነ «ሮማኖ ሪቱ» የሚለው ራሱ የሰማውን በላቲን የመለሰበት አባባል ነውና በሁለት ቃላት ላይ ሕንጻ መሥራት ለላቲን ሊቅም ያስፈራዋል።

ሁለተኛው የተለመደ መሰናክል ክህነትን ይመለከታል። ሩፊኖስ ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ሲሾመው የሰጠውን ማዕርግ «ሳኬርዶቲዩም» ይለዋል። ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው «ክህነት» ይለዋል፤ አማርኛ አንባቢ ደግሞ ክህነት ሲል ቅስና ይመጣበታል። ከዚያ «ፍሬምናጦስ የተሾመው ቄስ ሆኖ ነው» የሚል ድምዳሜ ይወለዳል። ይህን ለማስተካከል መዝገበ ቃላት እንኳ አያስፈልግም። በዚያው ታሪክ ፍሬምናጦስ የጠየቀው ጳጳስ እንዲላክ ነው፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር መግጠም አለበት። በተጨማሪ ሩፊኖስ ያንኑ «ሳኬርዶቲዩም» ስለ አትናቴዎስ ራሱም ይጠቀምበታል፤ በቅርቡ ተቀብሎት እንደ ነበር ይናገራል። አትናቴዎስ ያን ጊዜ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ነው። ኤዴስዮስን ግን በጢሮስ ቄስ ሆነ ሲል በሌላ ቃል፣ «ፕሬስቢቴር» ብሎ ነው። በአማርኛ አንዱ ክህነት አንዱ ቅስና ተብሎ ሲቀመጥ ሁለቱ ቅርብ መስለው ይታያሉ፤ በላቲኑ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለያዩ ናቸው። የቆንስጣንጢዮስ ደብዳቤም ፍሬምናጦስን ጳጳስ ማለቱን አንርሳ።

የፍሬምናጦስን የቤተ መንግሥት ሥራም እንዲሁ። ሩፊኖስ የሚለው ሒሳብና የሰነድ ሣጥኖች ተሰጡት ነው። የእኛ ተርጓሚ «በጅሮንድ» ወይም «ጸሐፌ ትእዛዝ» ቢለው ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን የብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ቤተ መንግሥት ይዞ ይመጣል። በማዕርጉ ስም ላይ ተመሥርቶ ስለ አክሱም አስተዳደር መጻፍ ተርጓሚውን እንጂ ሩፊኖስን መጥቀስ አይደለም።

የመጨረሻው የሹመቱ ዘመን ነው። ሩፊኖስ አትናቴዎስ ሹመቱን የተቀበለው «ኑፔር» ነው ይላል፤ «በቅርቡ» ማለት ነው። አትናቴዎስ በመንበሩ የተቀመጠው በ328 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ፍሬምናጦስ በ330 ዓ.ም. ተሾመ» የሚል ዓመት በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «በቅርቡ» የሚል ቃል ዓመት አይቈጥርም፤ በአማርኛም «በቅርቡ» ያልነው አንዳንዴ ወር፣ አንዳንዴ አሥር ዓመት ይሆናል። በሌላ በኩል የቆንስጣንጢዮስ ደብዳቤ የተጻፈው በ356 ወይም በ357 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ ምትክ በእስክንድርያ ለተቀመጠው ለአርዮሳዊው ጊዮርጊስ ቀርቦ እንዲመረመር ይጠይቃል፤ በዚህ ምክንያት ሹመቱን ወደ ኋለኛው ዘመን የሚያስጠጉ ሊቃውንት አሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ ከትርጕም ብቻ የሚያነብ ሰው ዳኛ ሊሆን አይችልም። ሁለቱን ዳርቻዎች ግን አጥብቆ መያዝ ይችላል፦ አትናቴዎስ ከመሾሙ በፊት፣ ከ328 ዓ.ም. አስቀድሞ፣ ሊሆን አይችልም፤ ደብዳቤው ሲጻፍም ፍሬምናጦስ በአክሱም ጳጳስ ነበረ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።